ሰኞ ሰኞ የሚያሻቅበው ኩፍኝ

የምሠራው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ባሻገር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በበሽታ ቅኝት ክፍል ነው። አንድ ዓመት የካቲት ላይ ኩፍኝ ገባብንና እስከ መጋቢት መጀመሪያ 27 ልጆች በላይን ሊስታችን፣ ማለትም እያንዳንዱ ታማሚ በአንድ መስመር በሚሰፍርበት መዝገብ፣ ተመዘገቡ። ሪፖርቱ ተቻኩሎ ስለነበር ታማሚዎቹን በተመዘገቡበት ቀን ደርድሬ የመስመር ግራፍ ሠራሁ። መስመሩ አራት ጊዜ ጫፍ ወጥቶ አራት ጊዜ ወረደ።

የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግራፉን አየት አድርጋ «ወንድሜ፣ ልጆቹ የሚታመሙት ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቅዳሜና እሁድ የታመመ ልጅ ሰኞ ነው የሚመጣው። ግራፌ ያሳየው እናቶች ወደ እኛ የመጡበትን ቀን እንጂ የበሽታውን አካሄድ አልነበረም።

ስለዚህ ሽፍታው የታየበትን ቀን ይዤ ኤፒ ከርቭ፣ ማለትም ታማሚዎችን በታመሙበት ጊዜ በምሰሶ የሚደረድር ግራፍ፣ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ የቀን አቆጣጠሩ ነው። «24/6» ብለን የጻፍነውን የካቲት 24 ኤክሴል በፈረንጆች ጁን 24 ብሎ ስለወሰደው፣ አንድ ልጅ ከሌሎቹ ወራት ርቆ ብቻውን ቆመ። ሁሉንም ቀን በእጄ ወደ አንድ አቆጣጠር መለስኩና፣ በሥዕሉ ላይ ግን አንባቢዎቼ የሚያውቁትን የእኛን ቀን ጻፍኩ።

ቀጥሎ የምሰሶው ስፋት ነው። በኩፍኝ ከተጋለጡበት ቀን እስከ ሽፍታ በአማካይ 14 ቀን ያህል ይወስዳል። ምሰሶው የዚህ ሩብ ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ እኔም 3 ቀን አደረግሁት። ሳምንት በሳምንት ቢሆን የበሽታው ማዕበሎች ይደባለቃሉ፣ በየቀኑ ቢሆን ደግሞ በ27 ታማሚ ብትንትን ይላል። ጊዜ ሳይቋረጥ ስለሚሄድ ምሰሶዎቹ መነካካት አለባቸው፤ `Gap Width` የሚለውን 0% አድርጌዋለሁ። ማንም ያልታመመባቸውን ቀናትም ባዶ ቦታቸውን ይዘው እንዲቆዩ ተውኳቸው።

ያኔ ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። የካቲት 8 አንድ ልጅ፣ ከ19 እስከ 24 ዘጠኝ፣ ከመጋቢት 1 እስከ 6 አሥራ ሰባት። በማዕበሎቹ መካከል ሁለት ሳምንት ያህል አለ፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የሚሄደው እንዲህ ነው።

የዕድሜውን ክፍፍል ግን ምሰሶዎቹ በተራራቁበት ባር ቻርት ለየብቻ አሳየሁ፤ ዕድሜ ምድብ ነውና። ከ1 ዓመት በታች ያሉትንና ከ5 እስከ 14 ያሉትን በቁጥር ብቻ ማነጻጸር ስለሚያሳስት፣ በየምድቡ ላለው የሕፃናት ብዛት አካፍዬ ከ1,000 ስንት እንደታመመ አደረግሁት። የመስመር ግራፉን ያቆየሁት የዚያን ዓመት ሳምንታዊ ቁጥር ከቀደመው ዓመት ጋር ለማነጻጸር ነው።

ርዕሱን «በሽፍታ መነሻ ቀን የኩፍኝ ታማሚዎች፣ ከየካቲት 7 እስከ መጋቢት 6፣ ብዛት 27» ብዬ የቀበሌውን ስምና ዓመቱን ጨመርኩበት። ከታች «ሽፍታ የታየበት ቀን፣ ምሰሶ በ3 ቀን»፣ ከጎን «የታማሚዎች ብዛት»። ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር ደግሞ «ያልተመዘገቡ ሊኖሩ ይችላሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያ ምሰሶ በሁለት ልጆች ከፍ ብሏል፣ ርዕሱም 29 ሆኗል።