ለድመቴ ፈቃድ የጠየቅኩበት ደብዳቤ

የምኖረው ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። አከራዬ እማማ ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ዋናው ቤት ይኖራሉ። ጓደኛዬ የድመት ግልገል ልትሰጠኝ ስትል ደብቄ ማስገባት አልፈለግኩም። ከበሯቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ድመት ይሸታል» አሉኝ ወዲያው። ክርክር ከመግጠም ይልቅ ምን አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የቀድሞው ተከራይ ድመት ምንጣፍ ላይ ሸንታ ሽታው ለወራት አልለቀቀም። በሩንም ቧጭራው ሄዳለች። ድመት ጠልተው አልነበረም፤ የፈሩት እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው። እኔም የጻፍኩት ስለ ሁለቱ ብቻ ነው።

«ንጽሕና እጠብቃለሁ» ማለት ለእሳቸው ምንም አልነበረም። ስለዚህ የምሠራውን ዘርዝሬ ጻፍኩ። ድመቷ ሳፋ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ሰጋቱራ ላይ ትጸዳዳለች። ጠዋትና ማታ እየዛቅኩ በፌስታል አስሬ እጥላለሁ። ሽንት ቤት አልደፋም፤ ሰጋቱራ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ቧንቧ ይዘጋል። ሳፋውን በየሦስት ቀኑ አጥባለሁ።

ከሳፋው ውጭ ከሸናች ደግሞ ቶሎ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅዬ እጠርገዋለሁ። እማማ በረኪና ይሻላል ብለው ነበር። በረኪና ግን ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። አስረድቻቸው ተቀበሉኝ።

ስለ በሩ «ያበላሸችውን በራሴ ወጪ አስጠግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ድመቷ ከመምጣቷ በፊት በሩን፣ ግድግዳውንና የመስኮቱን ጠርዝ አብረን እያየን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ቀድሞ የነበረው ጭረት በእኔ እንዳይታሰብ፣ አዲሱም እንዳይካድ። ለመቧጨሪያ እንዲሆናት በአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የቃጫ ገመድ ጠምጥሜ አቆምኩላት።

አራት ወር በሰላም አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ አምሽቼ ስገባ በሩ ከታች በኩል በአራት ጥፍር ተቧጭሯል። ቃጫው ያለው ጥግ ላይ ነበር፤ እሷ ግን የምትጠብቀኝ በሩ ሥር ነው። እዚያው ማታ ሄጄ ነገርኳቸው። እማማ ራሳቸው ቀድመው ቢያዩት ኖሮ ደብዳቤው ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ቅዳሜ አናጢ ጠራሁ። ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ በስቱኮ ደፍኖ፣ ቫርኒሽ ቀባው። ሲደርቅ ግን አዲሱ ቫርኒሽ ከአሮጌው ቀለም ጋር አልገጠመም፤ በሩ ላይ እንደ እራፊ ታየ። እማማ ዝም ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ዝምታቸው ከበደኝ። አናጢውን መልሼ ጠርቼ የበሩን ፊት በሙሉ አሽቶ እንደገና ቀባው፤ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ያጠፋሁት ነገር ግልጽ ነበር፤ «አስጠግናለሁ» ስል የት ድረስ እንደሆነ አልጻፍኩም። አሁን ደብዳቤው ላይ «ጭረቱ የደረሰበት ፊት በሙሉ አንድ ቀለም እስኪሆን» የሚል ጨምረን ሁለታችንም ፈርመናል። ቃጫውንም ወደ በሩ ሥር አምጥቼዋለሁ።