ከሥራ መልስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፦ የ12 ሳምንት ጥናቴ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቀን ፋብሪካ ውስጥ በንብረት ክፍል እሠራለሁ። ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ፈተና የነበረኝ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ነበር። አራቱን ሳምንት ለፕሮሰስና ለስኬጁሊንግ፣ ሦስቱን ለሲንክሮናይዜሽንና ለዴድሎክ፣ ሦስቱን ለሜሞሪ፣ የቀሩትን ሁለት ለፋይል ሲስተምና ለቆዩ ፈተናዎች መደብኩ።

ሥራ ውሎ የመጣ ሰው ንባብ ብቻ አይገባውም። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት አነብና የቀረውን በእስክሪብቶ እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋም ሻማ ካለ ጥናቱ አይቋረጥም። ጋቢ ለብሶ ሒሳብ መሥራት ለደብረ ብርሃን ብርድም ይሻላል!

በጣም የጠቀመኝ የሜሞሪው ክፍል ነው። ፕሮግራሙ ፔጆችን፣ ማለትም እኩል የተከፋፈሉ ቁራጮቹን፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይጠራል እንበል፦

```
1 2 3 4 1 2 5 1 2 3 4 5
```

መጀመሪያ በፊፎ ሠራሁት። ፊፎ ቦታ ሲጠበው ቀድሞ የገባውን ፔጅ ያስወጣል። ፍሬም አንድ ፔጅ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ ነው፤ ፔጅ ፎልት ደግሞ የተጠራው ፔጅ ሜሞሪ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር ነው። በሦስት ፍሬም 9 ፔጅ ፎልት ወጣ። ፍሬሙን አራት ሳደርገው 10 ሆነ። ሜሞሪ ተጨምሮ ፎልት በዛ! ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። በአራት ፍሬም 5 ሲመጣ 1 ይወጣል፤ ወዲያው የሚጠራው ደግሞ 1 ነው። እሱ ሲገባ 2 ይወጣል፤ ቀጥሎ የሚጠራው 2 ነው። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ይቀጥላል። ይህ የቤላዲ አኖማሊ ይባላል።

ከዚያ በኤልአርዩ ደገምኩት። በሦስት ፍሬም 10፣ በአራት 8 መጣ። ኤልአርዩ ብዙ ጊዜ ሳይጠራ የቆየውን ስለሚያስወጣ፣ አራት ፍሬም ውስጥ ያለው ሦስቱ የሚይዙትን ሁልጊዜ ያካትታል። ስለዚህ በኤልአርዩ ፍሬም ሲጨመር ፎልቱ ከበዛ አሠራራችሁ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩን ሳታስረክቡ ተመለሱበት። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው ያለው፦ ፔጁ ሜሞሪ ውስጥ ሲገኝ ፎልት ስለሌለ ዝም ተብሎ ይታለፋል። በኤልአርዩ ግን ያ ፔጅ አሁን ስለተጠራ ወደ ሰልፉ መጨረሻ መዛወር አለበት። በፊፎ ደግሞ አይነካም። እኔ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ሰልፉን ሙሉ በሙሉ እጽፋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የተሳሳተው ዓምድ ወዲያው ይታያል።

ያንኑ ጥያቄ ከቀናት በኋላ ደብተሩን ሳልገልጥ እሠራዋለሁ። ሠርቼው ካልወጣልኝ ምዕራፉ አላለቀም።

ዳግም ባጠና ከስኬጁሊንጉ አንድ ሳምንት ቀንሼ ለሲንክሮናይዜሽን እሰጣለሁ። ጋንት ቻርት ቶሎ ይገባል። ፕሮሰሶችን ተራ የሚያስጠብቀው ሴማፎር ግን ሁለት ፕሮሰሶችን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ጽፎ፣ መቀያየሩን በየመስመሩ እየሞከሩ መከታተል ይፈልጋል፤ ለዚያ ሁለት ሰዓት ቶሎ ነው የሚያልቀው።