386 ሺህ ብር ተከፍሎ 31 ሺህ ብቻ የቀነሰ ብድር

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ብድር ክፍል ነው የምሰራው። ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም የበዛበት ስለሆነ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ብዙው የቤት ብድር ነው፣ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የምሰማው ጥያቄ ደግሞ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ከፍዬ እዳዬ ለምን አልቀነሰም" የሚለው ነው።

ይሄን ጥያቄ ይዘው ከመጡት ውስጥ አንድ እናት ነበሩ፣ እህል ቤት አላቸው፣ 1 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ15 አመት ተበድረው ቤት የገዙ። ወር ጠብቀው በየወሩ 16,104 ብር ከ21 ሳንቲም ይከፍላሉ፣ አንድም ቀን አዘግይተው አያውቁም። ሁለት አመት ሲሞላቸው ስቴትመንት አስወጡና ቀሪው እዳ 968,382 ብር ከ58 ሳንቲም ይላል። የከፈሉት ሲደመር 386,501 ብር፣ ከዋናው የቀነሰው 31,617 ብር። ሴትዮዋ ደረሰኞቻቸውን በሙሉ በላስቲክ አስረው ይዘው ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ እኔ ፊደል ብዙም አልቆጠርኩም ግን ብር እቆጥራለሁ፣ ከመሀል የሆነ ሰው ብሬን አላስገባልኝም" አሉኝ።

እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ማየት ያለብን እሱኑ ነው፣ ክፍያ ወደ ሌላ አካውንት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከሲስተሙ ጋር አመሳከርን፣ ሁሉም ገብቷል። ችግሩ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ፣ አዲስ የተቀጠረ ነው፣ ሊያረጋጋቸው ፈልጎ "እትዬ፣ ባንክ እኮ ወለዱን አስቀድሞ ነው የሚወስደው፣ ወለዱ ሲያልቅ ወደ ዋናው ይገባል" አላቸው። እሳቸው ይሄን ሲሰሙ ባሰባቸው፣ "የ15 አመቱን ወለድ አሁኑኑ ከኔ እየወሰዳችሁ ነው ማለት ነው?" አሉ። ልክ ናቸው፣ ልጁ ያለው እውነት ቢሆን ኖሮ መናደድ ይገባቸው ነበር። ግን እንደዛ አይደለም፣ ይሄ አባባል ደግሞ በደንበኛው ብቻ ሳይሆን በኛ በሰራተኞቹም አፍ በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት።

ባንኩ አስቀድሞ የሚወስደው ወለድ የለም። በየወሩ የሚታሰበው የዛ ወር ወለድ ብቻ ነው፣ እሱም ገና ባልተመለሰው ብር ላይ። 18 በመቶ የአመት ነው፣ ለ12 ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ይመጣል። መጀመሪያ ወር ላይ ሴትዮዋ እጅ ያለው ሙሉው 1 ሚሊዮን ነው፣ የሱ 1.5 በመቶ 15,000 ብር። የከፈሉት 16,104.21 ነው፣ 15,000ው ለወለዱ ሄደ፣ የተረፈው 1,104.21 ከዋናው ቀነሰ። በቃ፣ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም። በሁለተኛው ወር እዳው 998,895.79 ሆኗል፣ ወለዱ 14,983.44 ይሆናል፣ ካለፈው ወር በ16 ብር ከ56 ሳንቲም ያነሰ ማለት ነው። ወርሃዊ ክፍያው ስለማይለወጥ ያቺ 16 ብር ከ56 ሳንቲም ወደ ዋናው ትዞራለች፣ ዋናው በ1,120.77 ይቀንሳል። ሶስተኛው ወር ደግሞ በ1,137.58። የክፍያ ሰንጠረዥ የምንለው ይሄን ስሌት 180 ጊዜ እየደጋገመ የሚሄድ ወረቀት ነው፣ በየወሩ ለዋናው የሚደርሰው ከበፊቱ ወር በ1.5 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል።

ለሴትዮዋ ካልኩሌተሩን ሰጥቻቸው እሳቸው እራሳቸው እንዲያባዙ አደረግኩ፣ እኔ ብነግራቸው የባንክ ሰው ቃል ነው የሚሆነው። የመጨረሻውን ቀሪ እዳ 968,382.58 በ1.5 በመቶ አባዙ፣ 14,525.74 መጣ። ከክፍያቸው ላይ ሲቀንሱት 1,578.47። ስክሪኑ ላይ የሚቀጥለው ወር መስመር ላይ ያለውም እሱ ነው። ማንም ሰው የራሱን ብድር እንዲህ ማጣራት ይችላል፣ ቀሪ እዳ ሲባዛ በአመት ወለድ ሲካፈል ለ12። ትንሽ ልዩነት ካየህ ደግሞ ወዲያው አትደንግጥ፣ ወለድን በቀን የሚያሰላ ባንክ ከሆነ 31 ቀን ባለው ወር የ1 ሚሊዮን ብር ወለድ 15,287 ብር ገደማ ይሆናል እንጂ ልክ 15,000 አይሆንም። ወለዱ ከስሌትህ በሺዎች ሲበልጥ፣ ወይም ወሩ 31 ቀን ሳይኖረው ወለዱ ከፍ ብሎ ሲመጣ ነው መጠየቅ ያለብህ።

ከዛ እትዬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፣ "ታዲያ ጎረቤቴም 1 ሚሊዮን ነው የተበደረው፣ የሱ እንዴት ቶሎ ቶሎ ቀነሰ?" ጎረቤታቸው ለ5 አመት ነው የወሰደው። የሱም የመጀመሪያ ወር ወለድ ያው 15,000 ነው፣ አንድ ሳንቲም አይለይም፣ የብድሩ እድሜ የዛን ወር ወለድ አይነካውም። የሚለየው ወርሃዊ ክፍያው 25,393.43 መሆኑ ነው፣ ስለዚ ለዋናው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 10,393.43 ይደርሰዋል። የሳቸው ክፍያ ግን ከወለዱ በላይ ያለው 1,104 ብር ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያው 15,000 ቢሆን ኖሮ እኮ እዳው እስከ ዘላለም 1 ሚሊዮን እንደሆነ ይቆም ነበር፣ የ15 አመቱን ብድር የሚጨርሰው ያቺ 1,104 ብርና እሷ እየጎተተች የምታመጣው ነው። ረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ወርሃዊ ክፍያው የሚቀለው ለዋናው የሚሄደው ስላነሰ ነው እንጂ ወለዱ ስላነሰ አይደለም፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ክፍያው ሁሉ ወለድ የሚመስለው።

መቼ ነው ታዲያ የሚገላበጠው? በሳቸው ሰንጠረዥ ላይ ለዋናው የሚደርሰው ከወለዱ የሚበልጠው 135ኛው ክፍያ ላይ ነው፣ አስራ ሁለተኛው አመት ውስጥ ማለት ነው። የጎረቤታቸው 15ኛው ክፍያ ላይ። ሁለቱም ጋ ያንን ክፍያ ጨምሮ የሚቀረው 46 ክፍያ ነው። ይሄ አጋጣሚ አይደለም፣ በ18 በመቶ ወለድ የትኛውም እኩል ወርሃዊ ክፍያ ያለው ብድር ላይ ዋናው ወለዱን የሚበልጠው በመጨረሻዎቹ 46 ወራት ነው፣ ብሩም የብድሩ እድሜም አይለውጠውም፣ የሚለውጠው የወለድ መጠኑ ብቻ ነው። መጨረሻው ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው፣ የ180ኛው ክፍያ ወለድ 238 ብር እንኳን አይሞላም፣ የቀረው 15,866 ሁሉ ዋና ነው። ያው ክፍያ፣ ያው የወለድ መጠን፣ የተለየው ወለዱ የሚታሰብበት ብር ማነሱ ነው።

ኤክሴል የምትነካኩ ሰዎች በራሳችሁ ብድር ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ የመጀመሪያው ወርሃዊ ክፍያውን ይሰጣል፣ ሁለተኛው የ25ኛውን ክፍያ ወለድ፦

```
=PMT(18%/12,180,-1000000)
=IPMT(18%/12,25,180,-1000000)
```

ወለዱ አስቀድሞ እንዳልተወሰደ ማረጋገጫው ሌላ ነው፣ እትዬም የተረጋጉት እሱን ሲሰሙ ነው። "ዛሬ ሎተሪ ቢወጣልኝና ልዝጋው ብል ስንት ትሉኛላችሁ?" አሉ። 968,382.58፣ እና ከመጨረሻው ክፍያ ወዲህ ያሉት ቀናት ወለድ። የቀሩት 13 አመታት ወለድ አይጠየቁም፣ ምክንያቱም ገና አልተፈጠረም። ውላቸው ላይ ቀድሞ ለመዝጋት ቅጣት አለ ወይ ብለን አየን፣ የሳቸው ላይ አልነበረም፣ ግን በየባንኩና በየውሉ ስለሚለያይ ማንበብ ነው።

ሎተሪው ባይኖርም 100,000 ብር ነበራቸው፣ ልጃቸው ከአረብ አገር የላከችላቸው፣ ከእዳው ላይ ይቀነስልኝ አሉ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳው። ተጨማሪ ብር ሲገባ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የብድሩ እድሜ እንዳለ ሆኖ ወርሃዊ ክፍያው እንደገና ይሰላል፣ የሳቸው ወደ 14,441 ብር ይወርዳል፣ እስከ መጨረሻው ሲታሰብ ካስገቡት 100 ሺህ በላይ 159 ሺህ ብር ገደማ ወለድ ይተርፋቸዋል። ሁለተኛው ወርሃዊ ክፍያው 16,104.21 እንዳለ ሆኖ እድሜው ያጥራል፣ የቀራቸው 156 ክፍያ ወደ 112 ይወርዳል፣ የሚተርፈው ወለድ ከ620 ሺህ ብር በላይ ነው። ያው 100 ሺህ ብር ነው፣ የምርጫው ልዩነት ግን ይሄን ያህል ነው። ዝም ብሎ አካውንቱ ላይ ብር አስገብቶ መሄድ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ሲስተሙ ለሚቀጥሉት ወራት ቅድመ ክፍያ አድርጎ ሊይዘውና ብሩ እዳውን ሳይነካ ቁጭ ሊል ይችላል። ስለዚ በማመልከቻ ነው የሚደረገው፣ "ከዋናው ብድር ላይ ተቀንሶ፣ ወርሃዊ ክፍያው ሳይቀየር የብድር ዘመኑ እንዲያጥር" ተብሎ በግልጽ ይጻፋል።

ሁለቱንም ሰንጠረዥ አትሜ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ክፍያው ቢቀንስላቸው ለእህል መግዣ ትንሽ እፎይታ ይሰጣቸው ነበር፣ ያንንም ነገርኳቸው፣ ገቢው የሚዋዥቅ ነጋዴ ሲሆን መጀመሪያውን መንገድ መምረጥም ምክንያት አለው፣ አንድ ወር ካመለጠ ቅጣቱ አለ፣ ብዙ ቦታ የገባው ብር መጀመሪያ ቅጣቱን ከዛ ወለዱን ነው የሚሸፍነው፣ ለዋናው የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። እሳቸው ግን ብዙም አላሰቡበትም፣ "ሁለት አመት የለመድኩትን እከፍላለሁ፣ አመቱን ቀንሱልኝ" ብለው ፈረሙ።

አዲሱ ልጅ ማመልከቻውን ወደ ሲስተም ሲያስገባ እትዬ ካልኩሌተሩን ሳይመልሱ 868,382.58ን በ1.5 በመቶ አባዙ፣ 13,025.74። ከ16,104.21 ሲቀንሱት 3,078.47 መጣ። "ያለፈው ወር መስመር 1,500 ምናምን አልነበር?" አሉ ወደ ልጁ ዞረው፣ እሱም ስክሪኑን አዙሮ የ25ኛውን ክፍያ አዲስ መስመር አሳያቸው፣ ያው 3,078.47።