ለደከመ ዓይንና ለሚቆረጥም ጣት ካርታ ማዘጋጀት፦ ደሴ ላይ እንደሠራሁት

ካርታውን ያዘጋጀሁት ደሴ ውስጥ ለሚጫወቱ ሦስት ሰዎች ነው። አንዱ የዓይን ሞራ ያለባቸው ጋሼ፣ ሁለተኛዋ ጣታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው እትዬ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጤነኛ ጎረቤት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 13 ካርታ ይታደላል፤ ተመሳሳይና ተከታታይ እየሰበሰቡ ይዘረጋሉ። 13 የሚለው ቁጥር ሥራውን ሁሉ ስለወሰነው ከእሱ እጀምራለሁ።

መደበኛ ካርታ 63 ሚሊ ሜትር ስፋትና 88 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። 13 ካርታ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ማቆሚያ ላይ በአንድ ረድፍ ሲደረደር የመጨረሻው ብቻ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከቀሩት ከ12ቱ ግን በግራ በኩል የሚታየው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩን አሳምሬ ካተለቅሁት በኋላ ግማሹ በቀጣዩ ካርታ የተሸፈነብኝ ይህንን ሳላሰላ ስለጀመርኩ ነበር። ማቆሚያውን ባለ ሁለት ደረጃ አድርጋችሁ 7 ካርታ ከፊት፣ 6 ካርታ ከኋላ ብታቆሙ ግን ከእያንዳንዱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ማቆሚያውን ወስኑ፣ ቁጥሩን ቀጥላችሁ ጻፉ።

ባለ ትልቅ ቁጥር ካርታ ተሠርቶ የሚሸጥ አለ። ካገኛችሁ የካርታው መጠን መደበኛ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የተለቀውን ምረጡ። ካርታው ራሱ ግዙፍ የሆነው ዓይነት ማቆሚያ ላይ አይመችም፤ የሚያም ጣትም አይችለው። እኔ በእጅ ጻፍኩት። 18 በ38 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ስቲከር ቆርጬ ላዩ ላይ ቁጥሩን 20 ሚሊ ሜትር ቁመት ሰጥቼ በወፍራም ጥቁር ማርከር ጻፍኩ፤ ምልክቱን ከሥሩ ሳልኩ። ካርታ ሲገለበጥም እንዲነበብ ከላይ በግራ ጥግ አንድ፣ ከታች በቀኝ ጥግ ተገልብጦ አንድ ይለጠፋል። ለ52 ካርታ 104 ስቲከር መሆኑ ነው። ከካርታው ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዉ፤ ቦታው በኋላ ለነጥቦቹ ይፈለጋል።

ቀለም ላይ ተሳስቼ ነበር። አራቱን ምልክቶች፣ ማለትም ልብ፣ ዳይመንድ፣ አበባና ጦር (ስማቸው እንደየሰፈሩ ይለያያል)፣ በአራት ቀለም ለይቼ ዳይመንዱን ሰማያዊ አደረግሁት። ጋሼ ግን «ቁጥሩስ ታየኝ፤ ይሄኛውና ጦሩ ነው አንድ የሆነብኝ» አሉ። ሞራ የዓይንን ሌንስ እያደር ቢጫ ስለሚያደርገው ሰማያዊ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ቀለሙን ትቼ በቅርጽ ለየሁት፦ ልብና ዳይመንድ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በወፍራም መስመር ብቻ ተሳሉ፣ አበባና ጦር ደግሞ ሙሉ ጥቁር ሆኑ። አሁን በአምፖል ብርሃንም አይምታቱም።

ቀጥሎ በጣት የሚዳሰሰው ምልክት ነው። ብሬይል ለሚያነብ ሰው ቁጥሩንም ምልክቱንም በብሬይል ማድረግ ይቻላል። በስተርጅና ዓይኑ የደከመ ሰው ግን ብሬይል አብዛኛውን ጊዜ አልተማረም፤ 13 ዓይነት ቁጥር በነጥብ ከማስጠናት ይልቅ ቁጥሩን ለዓይን ትቶ አራቱን ምልክቶች ብቻ ለጣት መስጠት ይቀላል። የካርታውን ጠርዝ በመቀስ መፋቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፍቁ ከጀርባ ስለሚታይ ባላጋራ የያዛችሁትን ያውቃል። ከጀርባ ወግቶ ማሳበጥም ጉድጓድ ይተዋል፣ በመበወዝም ብዛት ይተኛል። ነጥቡ ከፊት ብቻ መቀመጥ አለበት።

በጥፍር ቀለም ሞከርኩ፤ ሲደርቅ ጠፍጣፋ ሆነ፣ ካርታው ሲታጠፍም ተላጠ። የሠራልኝ ከሁለት ቱቦ እኩል ተጨምቆ የሚደባለቀው ኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ጠብታ አስቀምጡ። ፈጥኖ የሚደርቀው ዓይነት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠጥር በአንድ ጊዜ ለአሥር ካርታ የሚበቃ ብቻ ደባልቁ። ካርታዎቹን እስከ ማግስቱ አትደራርቡ፤ በደሴ ብርድ ደግሞ ይብሱን ይዘገያል። ቸኩዬ የደረብኳቸው ሁለቱ ተጣብቀው ሲላቀቁ የአንዱ ፊት ተገሽልጧል።

የነጥቡ አቀማመጥ እንዲህ ነው፦ ልብ ምንም ነጥብ የለውም። ዳይመንድ ከላይኛው ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ ነጥብ አለው። አበባ 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ። ጦር ሁለቱም አሉት። በሌላኛው ጥግም ተገልብጦ ይደገማል። በመጀመሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ እያልኩ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ጀምሬ ነበር፤ 39 ካርታ በአንድ ቦታ ላይ ነጥብ ሲኖረው ጥቅሉ ጥጉ አብጦ ይንሸራተታል። ሙሉው ጥቅል ራሱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላቸው 39 ነጥቦች ከዚያ በላይ ይጨምራሉ። በሁለት ቦታ ሲከፋፈል ግን በአንድ ቦታ የሚደራረበው 26 ብቻ ነው። ጠብታውንም አሳነስኩት፤ ለጣት የሚያስፈልገው ከፍታ ሳይሆን ጥርት ያለ ጉብታ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚሳበውን ካርታ በሁለት ቁልል ከፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ማቆሚያውን ከዋንዛ አሠራሁ። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የፊቱ ደረጃ 3፣ የኋላው 7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የአራት ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት የኋላዎቹ ካርታዎች ቁጥርና ምልክት ከፊተኞቹ በላይ እንዲታይ ነው። ስንጥቆቹ 12 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አላቸው፤ ካርታው 15 ዲግሪ ያህል ወደኋላ እንዲያዘነብል ተጋድመው ይቆረጣሉ። አናጺው በመጀመሪያ በመጋዙ ውፍረት ብቻ ቆረጠው። አንድ ካርታ ይገባል፤ ሁለት ሦስት ሲደራረብ ግን መግፋት ይጠይቃል፣ እትዬ ደግሞ ጨርሶ የማይችሉት ቆንጥጦ መግፋትን ነው። ስንጥቁ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ የአፉ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ሲዶለዱም ካርታው ሳያነጣጥሩለት ይገባል። ከሥሩ የአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ በኮላ ለጥፉበት፤ ካርታ ሲመዘዝ አብሮ አይንሸራተትም።

ከጠረጴዛ ላይ ካርታ ማንሳት ለእትዬ ከመያዙ ይብስባቸው ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍኩበት፤ ጠርዙን በጣት ጫን ሲሉት ጨርቁ ይሰምጥና ካርታው በሌላ በኩል ብድግ ይላል፣ በመዳፍ ጎን ማንሳት ይቻላል። መበወዝም በእጅ ቀርቷል፦ ካርታው በሰፊ ትሪ ላይ ፊቱ ተደፍቶ በመዳፍ ይታመሳል። ትሪው አፉ ከፍ ያለ ይሁን፤ ያለዚያ ካርታው ይፈስሳል።

ጋሼን ከመስኮቱ ፊት ለፊት አታስቀምጧቸው፤ ሞራ ላለበት ዓይን ነጸብራቅ ቁጥሩን ያጠፋዋል። ብርሃኑ ከትከሻቸው በኋላ ይምጣ። አንድ ሕግም ጨምረናል፤ ካርታ የጣለ ሰው «ሰባት አበባ» ብሎ ይጠራዋል። መሃል ላይ የተጣለውን ተጎንብሶ ማየት ስለቀረ ጨዋታው ከበፊቱ ፈጥኗል፤ ሳይጠራ የጣለ ካርታውን መልሶ አንስቶ ይጠራል።