B እውነት C ላይ ነው ያረፈችው?

ሁለት ወር ያህል የተሳሳተ ማረጋገጫ ይዤ ስዞር ነበር። ድምዳሜው ትክክል ስለነበር ማንም አልነቃብኝም። እኔም አልነቃሁም።

ጥያቄው አጭር ነው። ABC የሚባል ጎነ ሦስት አለ። D የBC መካከለኛ ነጥብ ናት። ከA ወደ D የተሰመረው መስመር ደግሞ A ላይ ያለውን ዘዌ ለሁለት እኩል ይከፍለዋል። AB እና AC እኩል መሆናቸውን አረጋግጥ።

መጀመሪያ የሚመጣልህ ABDንና ACDን ማወዳደር ነው። AD የጋራ ነው። BD = DC ተሰጥቷል። A ላይ ያሉት ሁለት ግማሽ ዘዌዎችም እኩል ናቸው። ሦስት እኩል ነገር አገኘሁ ብለህ ልትጨርስ ትላለህ። ችግሩ ዘዌው በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው አይደለም። ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያልሆነ አንድ ዘዌ፣ ጎነ ሦስቶቹ እርስ በርስ ልክ ይገጥማሉ ለማለት አይበቃም። ይህን ወጥመድ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ በሌላ በር ገባሁ።

የገባሁበት በር ወረቀት ማጠፍ ነበር። አንድ ተማሪ አስጠና ነበርና እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

1. ወረቀቱን AD ላይ እጠፈው። A እና D ቦታቸውን አይለቁም።
2. ሁለቱ ግማሽ ዘዌዎች እኩል ስለሆኑ የAB መስመር የAC መስመር ላይ ያርፋል።
3. BD = DC ስለሆነ B C ላይ ታርፋለች።
4. ስለዚህ AB = AC።

አራት መስመር፣ ያለ ምንም ግርግር። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

በሳምንቱ ልጁ ማረጋገጫውን ደብተሩ ላይ ገልብጦ መጣ። ጽሑፉ ቃል በቃል የእኔ ነው። ሥዕሉ ግን ሌላ ነበር። በጥድፊያ ሲስል ነጥቧ D ከBC መስመር ወርዳ ታች ቀርታለች፤ ቅርጹ ካይት መስሏል። «ይሄ እኮ ጎነ ሦስት አይደለም፣ D መስመሩ ላይ መሆን አለባት» አልኩት። ልጁም ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ግን D መስመሩ ላይ ናት የሚል የለም» አለኝ።

እውነትም የለም። አራቱን መስመሮች ደግሜ አነበብኳቸው። አንዱም D በB እና በC መካከል ቀጥታ መስመር ላይ ስለመሆኗ አያነሳም። ላብ አላበኝም አልልም።

ማታ ቁጭ ብዬ የተሰጡኝን ነገሮች ለየብቻ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ግማሽ ዘዌዎቹ እኩል ናቸው። ሁለተኛ፣ BD = DC። ሦስተኛ፣ D የBC መስመር ላይ ናት። «መካከለኛ ነጥብ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ጠቅልሎ እንደያዘ ያየሁት ያኔ ነው፤ እኩል መራቅና መስመሩ ላይ መሆን። ቀጥዬ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን የትኛውን እንደተጠቀመ ጻፍኩ። እርምጃ 2 አንደኛውን፣ እርምጃ 3 ሁለተኛውን ይጠቀማሉ። ሦስተኛውን የነካው የለም።

ያልተነካ መረጃ ማንቂያ ደወል ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አንዳንድ ጥያቄ ትርፍ መረጃ ይሰጣል። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ማየት ነበር፦ ሦስተኛውን ብጥለው ድምዳሜው ይቆማል ወይስ ይወድቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ምክር አለ። «ሥዕልህን አጣመው፣ እኩል የሚመስለውን እኩል እንዳይመስል አድርገህ ሳለው» ይባላል። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ለእኔ አልሠራም። ሁለት ሰዓት ያህል ሞከርኩ። መረጃዎቹን በሙሉ አክብሬ AB እና AC የማይተካከሉበት ጎነ ሦስት መሳል አልቻልኩም። አይቻልማ! ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። እውነት የሆነን ድምዳሜ የሚያፈርስ ሥዕል አይገኝም። መፈተን የነበረብኝ ድምዳሜውን ሳይሆን እርምጃውን ነው። ለእርምጃ 3 ደግሞ ራሱ የጠራቸውን መረጃዎች ብቻ ሰጥቼው፣ የቀረውን ነፍጌው ማየት ነበረብኝ።

ኮምፓስና ማስመሪያ ካለህ አብረኸኝ ሳል። A ላይ የ60 ዲግሪ ዘዌ ሥራ፤ በመሐሉ 30 በ30 የሚከፍለውን መስመር አስምር። በአንዱ ጎን ከA 3 ሴንቲ ሜትር ላይ B አድርግ። በሌላው ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ላይ C አድርግ። ወረቀቱ ሲታጠፍ B የምታርፈው C ባለችበት መስመር ላይ፣ ከA 3 ሴንቲ ሜትር ርቃ ነው። ያቺን ነጥብ E በላት። የE እና የC መሐል ከA 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ነጥብ ለAC ቀጤ ነክ መስመር አውጣ፤ መሐለኛውን መስመር የሚያገኝበት ቦታ D ይሁን።

አሁን ለካ። AD ወደ 4.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። BD እና CD ሁለቱም 2.5 አካባቢ ናቸው። ግማሽ ዘዌዎቹ እኩል፣ BD = DC፣ AD የጋራ። እርምጃ 3 የፈለገው ሁሉ ተሟልቷል። AB ግን 3፣ AC ደግሞ 5 ነው። D የት አለች? ከBC መስመር ወደ 1.3 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብላ ተቀምጣለች፣ ልክ እንደ ልጁ ሥዕል።

ምክንያቱ ኮምፓሱን D ላይ ስትተክል ይታያል። በDC ልክ ከፍተህ ክብ ብታዞር፣ ክቡ የACን መስመር የሚቆርጠው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ C፣ አንዱ E። «B ከD የምትርቀው C በምትርቀው ልክ ነው» ማለት B ከሁለቱ በአንዱ ላይ ታርፋለች ማለት ብቻ ነው። ከሁለቱ C ናት ብሎ የመረጠው ማን ነው? እኔ ነኝ። በምን መረጥኩ? በሥዕሌ ላይ ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለነበሩ። «B C ላይ ታርፋለች» ማለት፣ A ሳትነቃነቅ፣ «AB = AC» ማለት ነው። ድምዳሜውን እርምጃ 3 ላይ በጓሮ በር አስገብቼ እርምጃ 4 ላይ በፊት በር ተቀበልኩት። በዚያ ላይ የሸሸሁት ወጥመድ ራሱ ነው። በመካከል ያልሆነው ዘዌ ሌላ ካፖርት ለብሶ መጣ እንጂ የትም አልሄደም።

ጥገናው ከዚህ በኋላ አልከበደም። B ከC ውጭ E ላይ አርፋለች እንበል፤ ABን አጭሩ ጎን እናድርገው፤ ረጅሙ እሱ ከሆነ ስማቸውን መለዋወጥ ነው። E በA እና በC መካከል ናት። DE = DC ስለሆነ DEC ሁለት ጎኑ እኩል ነው፤ ስለዚህ E ላይ ያለው ዘዌው C ላይ ካለው ጋር እኩል ነው። በE ሌላኛው ወገን ያለው ዘዌ AED ደግሞ የታጠፈው የB ዘዌ ነው። ሁለቱ E ላይ ቀጥታ መስመር ይሠራሉ። ስለዚህ የB እና የC ዘዌዎች ድምር 180 ዲግሪ ይሆናል። ጎነ ሦስት ውስጥ ሁለት ዘዌዎች ብቻቸውን 180 መሙላት አይችሉም። ስለዚህ E የምትባል ሌላ ማረፊያ የለችም፤ B C ላይ ታርፋለች።

ይህንንም አላመንኩትም። አንዴ ተቃጥያለሁና ያንኑ ፈተና ደገምኩት፦ D መስመሩ ላይ መሆኗ የት ገባ? መጨረሻው ላይ ገባ። B እና C ላይ ያሉት ዘዌዎች የጎነ ሦስት ዘዌዎች የሚሆኑት B፣ D፣ C አንድ መስመር ላይ ካሉ ብቻ ነው። በጠማማው ሥዕል ላይ ዘዌዎቹን ስለካ B ላይ ወደ 113፣ C ላይ ወደ 67 አገኘሁ። ድምራቸው 180 ነው፤ እዚያ ግን ቅርጹ አራት ጎን ስላለው ማንም አይከለክለውም። ማለትም አዲሱ ማረጋገጫ ጠማማው ሥዕል ላይ የሚቆመው መቆም ባለበት ቦታ ነው። የድሮው እየዘለለ ያልፍ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይህ ፈተና አይዝም። መረጃዎቹ በሙሉ ገብተው፣ እርምጃዎቹም በትክክል ተከታትለው፣ ምክንያት ተብሎ የተጠራው እውቀት ራሱ ድምዳሜው ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1663 የዩክሊድን አምስተኛ መነሻ፣ ያን የትይዩ መስመሮችን ነገር፣ ሊያረጋግጥ ሞክሮ ነበር። የተነሳው ለማንኛውም ጎነ ሦስት ቅርጹን ሳይለቅ በፈለግነው መጠን ሌላ መሥራት ይቻላል ከሚል ሐሳብ ነው። ቀላልና የሚታመን ይመስላል። ግን ያ ሐሳብ ከአምስተኛው መነሻ ጋር አቻ ነው፤ አንዱን መቀበል ሌላውን መቀበል ነው። እንዲህ ያለውን የሚይዘው «ይህ ምክንያት ራሱ በምን ተረጋገጠ?» እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው።

በእኔ ጉዳይ መንገዱ አጭር ነበር። የተጠቀምኩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሁለት ጎኑ እኩል በሆነ ጎነ ሦስት የግርጌ ዘዌዎቹም እኩል መሆናቸው ነው፤ ይህ በዩክሊድ አንደኛ መጽሐፍ ከተረጋገጡት ዓረፍተ ነገሮች 5ኛው ነው። ሌላው የጎነ ሦስት ሁለት ዘዌዎች ድምር ከ180 ማነሱ ነው፤ ይህ 17ኛው ነው። ዩክሊድ ሁለቱንም ያረጋገጣቸው የትይዩውን መነሻ እንኳን ሳይነካ ነው። የእኔን ጥያቄ ጭራሽ አያውቁትም።

ለልጁ አዲሱን ስሰጠው ሥዕል አልሠራሁለትም፤ ራሱ እንዲስል ተውኩት። D አሁንም ከመስመሩ ትንሽ ወርዳለች። ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ ሄዶ 180 የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ላጲሱን አነሳና D ን ወደ ላይ መለሳት።