የወሊድ ገንዘቤ ቨርጂኒያ ሄዶ ነበር

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምሠራው ዲሲ መሃል ከተማ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ። የድርጅታችን ዋና ቢሮ ደግሞ ቨርጂኒያ። በ2023 ሴት ልጄን ስወልድ እነዚህ ሦስት ቦታዎች ምን ያህል ሊያምታቱ እንደሚችሉ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አራስ ቤቴ ውስጥ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ባልከረምኩ ነበር።

እርግዝናዬ ስምንተኛ ወር ሲገባ ኤችአር ደወልኩ። የወሊድ ፈቃድ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። "ሁለት ሳምንት ከነክፍያው፣ ከዚያ በኋላ ያለ ክፍያ" አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኼ ነው። ሴትዮዋ አልዋሸችም። የነገረችኝ ድርጅቱ በራሱ ደንብ ከራሱ ኪስ የሚከፍለውን ነው። እኔ ግን ያለው ይኸው ብቻ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ከጎናችን ያለው ፓርኪንግ የምትሠራ አንዲት እህት ሆዴን አይታ "ዲሲ እኮ 12 ሳምንት ይከፍላል" ባትለኝ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር። ፔይድ ፋሚሊ ሊቭ ይባላል። የከተማው የመድን ገንዘብ ነው። መክፈል የጀመረው በ2020 ሲሆን፣ ለወላጆች 12 ሳምንት የሆነው ከጥቅምት 2022 ወዲህ ነው። ገንዘቡ ከአሠሪ በሚሰበሰብ ግብር ይሞላል። ከሠራተኛ ደሞዝ ሳንቲም አይቆረጥም። ስለዚህ ፔይ ስተባችሁን ብትገለብጡት ስሙን አታገኙትም። እኔም ገልብጬ፣ አጥቼው፣ "አይመለከተኝም ማለት ነው" ብዬ አንድ ሳምንት ተቀምጫለሁ።

ደብልዩ ቱዬንም አይቼ ነበር። ስቴት የሚለው ቦታ ላይ ሜሪላንድ ይላል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው "በቃ፣ ግብርሽ ሜሪላንድ ከሆነ የዲሲ አይመለከትሽም" አለኝ። ስህተት ነው። እዚያ ላይ የሚጻፈው የምትኖሩበት ስቴት የገቢ ግብር ነው። ለዚህ ገንዘብ ግን ዋናው የት ትኖራላችሁ ሳይሆን የት ትሠራላችሁ ነው። ለአሠሪያችሁ ከምትሠሩት ሰዓት ከግማሽ በላዩ ዲሲ ውስጥ ከሆነ ትሸፈናላችሁ። ዲሲ ኖራችሁ አሌክሳንድሪያ የምትሠሩ ከሆነ አትሸፈኑም።

ወለድኩ። ማመልከት የሚቻለው ከወለዱ በኋላ ነው፤ 30 ቀን ሳያልፍ። በኢንተርኔት ሞላሁት፣ የሆስፒታል ወረቀቴን አያያዝኩ። ይኼ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚያ መልስ መጣ። በእኔ ስም ለዲሲ ሪፖርት የተደረገ ደሞዝ የለም።

እናቴ አጥሚቱን እያማሰለች "ምን አሉሽ?" ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሬድ ላይን ተሳፍሬ ዲሲ ገብቻለሁ። የት ሠርቼ ነው ታዲያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አሠሪ በየሦስት ወሩ ማን ስንት እንደተከፈለው ለሥራ አጥ መድን ሪፖርት ያደርጋል። ዲሲ ስለ ሠራተኛው የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። የእኛ ፔይሮል ግን ዋና ቢሮው ቨርጂኒያ ስለሆነ ሁላችንንም ጠቅልሎ ለቨርጂኒያ ይልክ ነበር። እኔ ዲሲ ተቀምጬ ቲኬት ስቆርጥ ደሞዜ ወረቀት ላይ ቨርጂኒያ ውሎ ያድራል።

ፔይሮል ደወልኩ። "እኛ የቨርጂኒያ ድርጅት ነን፣ እሱን አንከፍልም" አለኝ ሰውዬው። በማግስቱ ደወልኩ፤ ሌላ ሰው አነሳ፣ ኤችአርን ጠይቂ አለኝ። ኤችአር ፔይሮልን ጠይቂ አለችኝ። ሕፃኗ ትጮኻለች፣ የስልኩ ሙዚቃ ይዘፍናል። አንድ ቀን 40 ደቂቃ ጠብቄ መስመሩ ሲቋረጥ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ እነሱ ብቻ አይደሉም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የማወራው። አንድም መስመር በጽሑፍ አልያዝኩም።

ነገሩ የተንቀሳቀሰው ኢሜል ስጽፍ ነው። አጭር ነበር፤ "ደሞዜን ለሥራ አጥ መድን ሪፖርት የምታደርጉት ለየትኛው ስቴት ነው? የምሠራው በዚህ አድራሻ ነው" ብዬ የፓርኪንጉን አድራሻ ጻፍኩ። "ቨርጂኒያ" የሚል የአንድ ቃል መልስ መጣ። ያቺን መልስ፣ የዓመቱን ፔይ ስተብና አድራሻው ከላይ የታተመበትን የሺፍት ፕሮግራም አያይዤ፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይልኝ ላክሁ። የይግባኝ ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። በመጨረሻ ድርጅቱ የሦስት ወር ሪፖርቶቹን አርሞ ለዲሲ ላከ። ሰባት ሳምንት ፈጀ። ባለቤቴ በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ሌሊቱንም ኡበር ነዳ።

ስንት ደረሰኝ? ካለፉት አምስት የሦስት ወር ዘመኖች ከፍተኛ ደሞዝ ያለባቸውን አራቱን ይወስዱና ድምሩን ለ52 ያካፍሉታል። እኔ በሰዓት 19 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነበርኩ። አንደኛው ዘመን ላይ አዲስ አበባ አንድ ወር ስለቆየሁ ደሞዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ደግነቱ እሱ ወደቀልኝ። ቀሪዎቹ እያንዳንዳቸው 9,880 ነበሩ፣ በድምሩ 39,520። ለ52 ሲካፈል 760። በእኔ ደረጃ ላለ ደሞዝ ዘጠና በመቶውን ይሰጣሉ፤ በሳምንት 684፣ በ12 ሳምንት 8,208 ዶላር። ኤችአር ደንቡን ስትነግረኝ ዝም ብዬ ብቀበል ኖሮ ይኼ ሁሉ ገንዘብ ቀርቶብኝ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ምክር ከኦፊሴላዊው ትንሽ ይለያል። ወረቀቱ "አሠሪዎን ያነጋግሩ" ይላል። አነጋግሩ፤ ግን "ይገባኛል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ያንን የሚወስነው አሠሪያችሁ አይደለም። ጠይቁ የምላችሁ ያቺኑ የኢሜል ጥያቄዬን ነው፤ በአምስተኛው ወር፣ በጽሑፍ። መልሱ ዲሲ ካልሆነና የምትሠሩት ዲሲ ከሆነ፣ ጠቡን ሳትወልዱ ጨርሱት።

ቼካችሁ ላይ ያለውን ስምም እዩ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ሥራችሁ ዲሲ ቢሆንም እዚህ የላችሁበትም፤ ለእናንተ 12 ሳምንቱን የሚከፍለው አሠሪያችሁ ራሱ ነው። የፌዴራል ሕንፃ የምታጸዱ፣ ግን ደሞዛችሁን የግል ኮንትራክተር የሚከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ አላችሁበት። ሕንፃው አያታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ይኼ ገንዘብ ሥራችሁን አይጠብቅላችሁም። እሱ ሌላ ሕግ ነው። የዲሲው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ቢያንስ 20 ሠራተኛ ያለው አሠሪ ዘንድ አንድ ዓመትና 1,000 ሰዓት ለሠራች ሴት 16 ሳምንት ቦታዋን ያስጠብቃል፤ ዶላር ግን አይሰጥም። እኔ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኩ።

ባለፈው አንዲት የሰፈሬ ልጅ ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ሬገን ኤርፖርት ካፌ ነው የምትሠራው። "ያው ዲሲ ነው አይደል እትዬ?" አለችኝ፤ ሁሉም የዲሲ ኤርፖርት ነው የሚለው። ጠዋት ሥራ ስትሄጂ ባቡሩ ከዲሲ ወጥቶ ወንዙን ይሻገራል ወይ አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ወይኔ" አለች።