ሁለት ጥሩ ኧርዞች፣ አንድ የተቃጠለ ኢንቨርተር

በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ 24 የፀሐይ ፓነሎች ተክለን ስናስረክብ፣ የኧርዙን ልኬት ወስጄ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ለፓነሎቹ ብቻ የተቀበረው አዲሱ ኧርዝ ሮድ 7 ኦም፣ የሕንፃው ነባር ኧርዝ ደግሞ 4 ኦም አሳየኝ፤ ሁለቱም ለመብረቅ መከላከያ በተለምዶ ከሚፈለገው ከ10 ኦም በታች ስለነበሩ ቅጹን ሞልቼ ዘጋሁት። ከአምስት ወር በኋላ መብረቅ በግቢው ያለ ዛፍ ላይ ወደቀ። ጣሪያውን አልነካውም፤ የፓነሎቹን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ግን ከዚያ ወዲያ አልበራም።

ክዳኑን ስንከፍት በዲሲ መግቢያው ተርሚናልና በብረት አካሉ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል የጠቆረ መስመር አገኘን። የኤሲው ወገን ንጹሕ ነበር። አብሮኝ የነበረው ወጣት ቴክኒሻን፣ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን ወደ ኧርዝ የሚያወርደው ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለበትን የዲሲ ሳጥን ከፍቶ፣ "ሰርጅ ፕሮቴክተሩ እኮ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ይዩት፣ ምንም አልሆነም" አለኝ። እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። መከላከያው ደህና ሆኖ የሚከላከለው ዕቃ ከተቃጠለ፣ ጥፋቱ መከላከያው በታሰረበት ቦታ መፈለግ አለበት።

የኧርዝ ገመዱን በእጄ እየያዝኩ ተከተልኩት። የፓነሎቹ ፍሬምና የሰርጅ ፕሮቴክተሩ ኧርዝ ሁለቱም የሄዱት ወደ አዲሱ ሮድ ነው፤ የኢንቨርተሩ አካል ግን በኤሲው ኬብል በኩል የታሰረው ከሕንፃው ነባር ኧርዝ ጋር ነበር። ሁለቱን ኧርዞች የሚያገናኝ አንድም ሽቦ አልነበረም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት አይደለም፤ የመብረቅ ኧርዝ ከኤሌክትሪክ ኧርዝ ተለይቶ መቆም አለበት የሚለው በሙያችን የተለመደ እምነት ነው፤ ስህተት መሆኑን ያየሁት ግን እዚያ ነው።

ርቀቱን በሜትር ለካሁት፦ ዛፉ ከአዲሱ ሮድ 20 ሜትር፣ ከነባሩ ደግሞ 40 ሜትር ይርቃል። መብረቁ 30,000 አምፔር፣ የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ 100 ኦም ሜትር ቢሆን ብዬ አሰላሁ። ጅረቱ ከዛፉ ሥር ወደ ዙሪያው አፈር ሲሰራጭ፣ የአዲሱ ሮድ መሬት ወደ 24,000 ቮልት፣ የነባሩ ደግሞ ወደ 12,000 ቮልት ይነሣል። በዚያች ቅጽበት አንዱ ኧርዝ ከሌላው በ12,000 ቮልት ይበልጣል ማለት ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ሥራውን በትክክል ሠራ፤ የዲሲ ሽቦዎቹን ከራሱ ኧርዝ ጋር እኩል አደረጋቸው። ነገር ግን ያ ኧርዝ ከኢንቨርተሩ አካል ኧርዝ የተለየ በመሆኑ፣ ልዩነቱ በሙሉ ያረፈው ጥቂት ሺህ ቮልት ብቻ በሚችለው የኢንቨርተሩ ኢንሱሌሽን ላይ ነው። ያንን ከፍታ ወደ ዲሲ ሽቦዎቹ ያስገባው ራሱ መከላከያው ነበር።

ይህን ጉድለት በርክክቡ ቀን ማየት ይቻል ነበር። ኃይሉን ዘግቼ በፓነል ፍሬሙና በሕንፃው ዋና የኧርዝ ባር መካከል ስለካ 11 ኦም አነበብኩ። ሰባትና አራት ሲደመሩ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አፈሩ ብቻ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በሽቦ የተያያዙ ቢሆኑ ንባቡ ከ1 ኦም እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። እኔ እያንዳንዱን ሮድ ለብቻው ለክቼ ረክቼ ነበር።

ጥገናው አዲሱን ሮድ መንቀል አላስፈለገውም። 16 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የመዳብ ሽቦ ከፍሬሙ እስከ ዋናው የኧርዝ ባር ከዲሲ ኬብሎቹ ጎን ለጎን አወረድን፤ ሮዱንም ከዚያው ባር ጋር አሰርነው። የሰርጅ ፕሮቴክተሩን ኧርዝ ደግሞ ከኢንቨርተሩ አካል ጋር በአንድ አጭር ባር ላይ አገናኘነው። የቀድሞው ገመድ 6 ሜትር ነበር፤ ቀጥ ያለ ሽቦ በየሜትሩ አንድ ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ጅረቱ በማይክሮ ሴኮንድ 1,000 አምፔር ሲጨምር በእያንዳንዱ ሜትር 1,000 ቮልት ያህል ይደመራል። ስለዚህ ከመከላከያው የሚወጡት ሽቦዎች ተደምረው ከ50 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጡ አደረግን። የዲሲ ኬብሉ ከ10 ሜትር በላይ ስለሆነም በጣሪያው ጫፍ ሁለተኛ ሰርጅ ፕሮቴክተር ጨመርን።

እግረ መንገዳችንን የፍሬሞቹን ተያያዥነት ስንፈትሽ አንድ ረድፍ ጭራሽ ተቆርጦ ተገኘ። የአሉሚኒየሙ ቅብ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ማሰሪያው ቅቡን የሚወጋ ጥርስ ያለው ዋሸር አልነበረውም። እሱን ለውጠን እንደገና ስንለካ ከእያንዳንዱ ረድፍ እስከ ዋናው ባር 0.1 ኦም ገደማ ሆነ።

ለባለንብረቱ ስናስረክብ፣ ይህ ሥራ በአቅራቢያ ለሚወድቅ መብረቅ እንጂ ጣሪያውን በቀጥታ ለሚመታው እንዳልሆነ በጽሑፍ ገለጽኩለት፤ ለዚያ ከፓነሎቹ በተሰላ ርቀት የሚቆም የመብረቅ መቀበያ ዘንግና የራሱ መውረጃ ያስፈልጋል። በርክክብ ቅጻችን ላይም ከሁለቱ የሮድ ልኬቶች ቀጥሎ "ከፍሬም እስከ ዋናው ባር" የሚል ሦስተኛ መስመር ገብቷል።